«እንጠራዎታለን» የምትለዋ ቃል



ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ቡና ልትጠጣ ቤቴ መጣች። በአንድ የግል አስመጪ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊ ሆና ከተሾመች ገና አራተኛ ወሯ ነው። እኔ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚያው ሙያ ስለኖርኩ፣ አንድ ነገር ሲቸግራት ወረቀቷን ይዛ ትመጣለች። ያን ዕለትም ቡናው እስኪፈላ እንኳ ሳትጠብቅ ከቦርሳዋ አንድ ገጽ አወጣች። «አክስቴ፣ እስቲ ይቺን ደብዳቤ እዪልኝ። አለቃዬ ፈርመሽ ላኪ ብሎኛል፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ አውጥቶ 74 ሰው አመለከተ። ማስረጃቸው ታይቶ 12ቱ ለጽሑፍ ፈተና ተጠሩ። ከእነሱ ውስጥ 4ቱ ለኮምፒዩተር የተግባር ፈተናና ለቃለ መጠይቅ አለፉ። በመጨረሻ አንዱ ተቀጠረ። ደብዳቤው የተዘጋጀው ሁለተኛ ለወጣችው ልጅ ነበር። እንዲህ ይላል፦

«ድርጅታችን ባወጣው የሂሳብ ሠራተኛ ክፍት የሥራ መደብ ላይ ለመቀጠር ማመልከቻ ማቅረብዎ ይታወሳል። ይሁን እንጂ ለመደቡ የተቀመጠውን መስፈርት አሟልተው ያልተገኙ በመሆኑ ጥያቄዎን ያልተቀበልነው መሆኑን እናስታውቃለን። ከሰላምታ ጋር።»

ከሥሩ የማይነበብ ፊርማና ክብ ማህተም አለ። ይኸው ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ደብዳቤ ስንቶቻችሁ ቤት ገብቶ እንዳነበባችሁት እገምታለሁ። አንድ ልጅ ተወዳድሮ ሲመጣ የሚጠብቀው እሱ ብቻ አይደለም። እናት ትጠብቃለች፣ ወንድም ይጠብቃል፣ ጎረቤትም «እንዴት ሆነላችሁ?» ይላል። ደብዳቤው ሲመጣም ቤተሰቡ በሙሉ ተቀባብሎ ያነበዋል።

የእህቴን ልጅ «መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪኝ። ልጅቷ መስፈርቱን አላሟላችም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ኧረ አሟልታለች! ዲግሪዋም የሁለት ዓመት ልምዷም ተገናዝቦ ነው ለፈተና የተጠራችው። በጽሑፍ ፈተናውማ ከ12ቱ አንደኛ ነች።»

«ታዲያ ደብዳቤው ዋሽቷል ማለት ነዋ።»

ትንሽ ደንገጥ አለች። ደረቅ ደብዳቤ ስናይ ብዙዎቻችን ጉድለቱ አነጋገሩ ብቻ ይመስለናል። ለዚህም አንድ ሁለት ለስላሳ ቃል ጣል ብናደርግበት የሚስተካከል ይመስለናል። የዚህኛው ዋና ጉድለት ግን እውነት አለመሆኑ ነው። መስፈርት አለማሟላትና በውድድር መበለጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መስፈርት የሚባለው ማስታወቂያው ላይ የወጣው የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ ነው። ያን ያላሟላ ሰው ከመጀመሪያውም ለፈተና አይጠራም። ለቃለ መጠይቅ የደረሰ ሰው ተወዳድሮ በነጥብ ተበልጧል እንጂ ሳያሟላ አልቀረም። «መስፈርቱን አላሟሉም» የተባለች ልጅ ዲግሪዋን መጠራጠር ትጀምራለች። ለሚቀጥለው ማስታወቂያ በትክክል የምትመጥንበትን ቦታ እንኳ «እኔ አልሆንም» ብላ ታልፈዋለች።

«ጥያቄዎን ያልተቀበልነው» የሚለውም እንደዚያው ነው። ልጅቷ ለሦስት ቀን ታክሲ ተሳፍራ መጥታ ተፈተነች እንጂ ደጅ አልጠናችም። የተወዳደረ ሰው የሚነገረው ውጤቱን ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ፈገግ ብላ ሁለተኛ ወረቀት አወጣች። «እኔም ስላስጠላኝ ሌላ ጽፌያለሁ። አንብቢልኝ» አለች። ጀበናው ቀርቦ ስለነበር የአጥር ጎረቤቴ እትዬም መጥተው ተቀምጠዋል። እሳቸውም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት።

«በውድድሩ ላይ ላሳዩት እጅግ የላቀ ችሎታ ከልብ እናመሰግናለን። ለጊዜው ቦታው በሌላ ተወዳዳሪ የተያዘ ቢሆንም እንደርስዎ ያለ ብርቱ ባለሙያ ድርጅታችን ምን ጊዜም ይፈልጋል። ማስረጃዎን በፋይላችን በክብር ይዘን ተስማሚ ቦታ ሲገኝ የምንጠራዎት መሆኑን በደስታ እንገልጻለን።»

እትዬ ስኒያቸውን አስቀምጠው «እሰይ! ታዲያ መቼ ነው የሚጠሯት?» አሉ።

እኔና የእህቴ ልጅ ተያየን። እሷ ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ይህንኑ ደብዳቤ ከብዙ ዓመት በፊት እኔ ራሴ ጽፌዋለሁ።

ያኔ ገና ጀማሪ የሠራተኛ አስተዳደር ባለሙያ ነበርኩ። አንድ ለንብረት ክፍል ሠራተኛነት የተወዳደረ ልጅ ተበልጦ ቀረ። ትሑት ልጅ ስለነበር አሳዘነኝና «ለጊዜው ቦታው የተያዘ ስለሆነ፣ ክፍት ቦታ ሲገኝ እንጠራዎታለን» ብዬ በእጄ አርቅቄ አስተየብኩለት። ክፉ ላለመናገር ብዬ ነው። ፋይሉን ማን እንደሚያየው፣ መቼ ክፍት ቦታ እንደሚኖር፣ ቢኖርስ ያለ አዲስ ማስታወቂያ መጥራት ይፈቀድ እንደሆነ አላሰብኩበትም። ማስረጃው ከሌሎቹ ጋር ካርቶን ውስጥ ገባ። ካርቶኑም መጋዘን ገባ።

ከስምንት ወር በኋላ የጥበቃ ሠራተኛው ደውሎ «እትዬ፣ ያ ልጅ ዛሬም መጥቷል፤ ምን ልበለው?» አለኝ። «የትኛው ልጅ?» ብል፣ ለካ በየወሩ መጀመሪያ እየመጣ «ቦታ ተገኘ?» ብሎ በር ላይ ጠይቆ ይመለስ ነበር። ጥበቃውም «ገና ነው» እያለ ይመልሰዋል። ወርጄ አገኘሁት። ደብዳቤዬን በላስቲክ ሸፍኖ ይዞታል። እዚያው በር ላይ ቆመን እውነቱን ነገርኩት። አልተቆጣም። አንገቱን ደፍቶ «እትዬ፣ ያኔውኑ አይሆንም ብላችሁኝ ቢሆን ኖሮ እኮ ድሬዳዋ ሄጄ ነበር። አጎቴ ሥራ አግኝቶልኝ፣ ትጠሩኛላችሁ ብዬ ነው የቀረሁት» አለኝ።

ደረቁ ደብዳቤ ልጁን አንድ ቀን ያስከፋው ነበር። የእኔ ደግ ደብዳቤ ግን ስምንት ወር ወሰደበት።

ይህን ለእህቴ ልጅ ነግሬያት ሁለቱንም ወረቀት ወደ ጎን አድርገን ሦስተኛ መጻፍ ጀመርን። በመጀመሪያ የጠየቅኳት «ልጅቷ ላይ በእርግጥ የሆነውን አምጪልኝ» ብዬ ነው። የነጥብ ሰንጠረዡን በስልኳ ይዛዋለች። በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ ነች። በቃለ መጠይቁ ከአንደኛው ጋር እኩል ነች። የበለጣት በኮምፒዩተር የተግባር ፈተናው ነው። ፈተናው የአንድ ወር የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ በፒችትሪ መሥራት ነበር፤ ማለትም ባንኩ የላከውን መግለጫ ድርጅቱ ከመዘገበው ጋር አስተያይቶ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማሳየት። በወረቀት አሳምራ የምታውቀውን ሥራ ሶፍትዌሩ ላይ በተሰጣት ሰዓት አልጨረሰችውም።

ከዚህ በኋላ ሥራው ቀለለ። ማመስገኛውን «እጅግ የላቀ ችሎታ» ከማለት ይልቅ በሰንጠረዡ ላይ ባለው ነገር ተካነው። «የላቀ ችሎታ» ለ74ቱም ሊጻፍ ይችላል፤ አንባቢዋም ይህን ታውቃለች። «በጽሑፍ ፈተናው ከፍተኛውን ነጥብ ያገኙት እርስዎ ነዎት» የሚለው ግን ለእሷ ብቻ የሚጻፍ ነው። ማንም ሊወስድባት አይችልም፤ የሚያታልላትም ነገር የለውም።

ያልተመረጠችበትን ነገር ደግሞ መጨረሻ ላይ አልደበቅነውም። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አደረግነው። ምስጋናው ረዝሞ «ይሁን እንጂ» የምትለዋ ቃል ስትዘገይ አንባቢ በእያንዳንዱ መስመር ተስፋው ከፍ እያለ ይሄድና ከዚያ ይወድቃል። አጭር ምስጋና፣ ከዚያ ውጤቱ፣ ከዚያ ማብራሪያው። ይህ ቅደም ተከተል ልብን ያሳርፋል።

«ለጊዜው» የምትለዋንም ሰረዝናት። በአማርኛ «ለጊዜው አይቻልም» የተባለ ሰው የሚሰማው «ቆየት ብለህ ና» የሚለውን ነው። የዚህ ውድድር ነገር ግን አልቋል። ስለዚህ «ውሉ ተፈርሟል፤ ውድድሩ ተጠናቋል» ብለን ባለፈ ጊዜ ጻፍነው።

እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ አንድ ተገቢ ጥያቄ አነሳች። «አክስቴ፣ የተቀጠረው ሰው የሙከራ ጊዜውን ሳይጨርስ ቢለቅስ? ያኔ እሷን ልንጠራት እንችላለን እኮ። ጭል የምትል ተስፋ ብንተውላት ምናለ?»

እውነት ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ይችላል። በዚያ ውስጥ አንድ ሰው ሊለቅ ይችላል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ሁለተኛ የወጣውን በተጠባባቂነት የሚይዘውም ለዚህ ነው። እኔ ግን መልሼ ጠየቅኳት፦ «ቢለቅ በእርግጥ ትጠሯታላችሁ? አለቃሽ ምን አለ?» እዚያው ደወለችለት። አለቃዋ «አይ፣ እኛ ተጠባባቂ አንይዝም፤ አዲስ ማስታወቂያ ነው የምናወጣው» አላት። ነገሩ ተቆረጠ። ተጠባባቂ ቢይዙ ኖሮ ያን መጻፍ ደግነት ነበር፤ ያውም ማብቂያ ቀን ተቆርጦለት፦ «እስከዚህ ቀን ድረስ ካልደወልንልዎ አንደውልም» ተብሎ። ማብቂያ ቀን የሌለው ተጠባባቂነት ግን እኔ ለዚያ ልጅ ከጻፍኩት አይለይም።

ስለ ፒችትሪውም ቢሆን «ይህን ተምረው ቢመጡ እንቀጥርዎታለን» ልትል ፈልጋ ነበር። አስቀረኋት። ልጅቷ ብር ከፍላ ትማርና ትመለሳለች፤ ያኔ ቦታ ከሌለ ምን ልትሏት ነው? የሆነውን ነገር መንገር ይበቃል። ምን ማድረግ እንዳለባት ራሷ ታውቃለች።

ተጠናቅቆ ሲወጣ ደብዳቤው ይህን መሰለ፦

«ጉዳዩ፦ የሂሳብ ሠራተኛ ቅጥር ውድድር ውጤትን ስለማሳወቅ

ለሂሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ ሦስት ጊዜ መጥተው በጽሑፍ፣ በኮምፒዩተርና በቃል ስለተወዳደሩ እናመሰግናለን። ለቦታው የተመረጡት ሌላ ተወዳዳሪ ናቸው፤ የቅጥር ውላቸውንም ስለፈረሙ ውድድሩ ተጠናቋል።

የጽሑፍ ፈተናውን ከወሰዱት 12 ተወዳዳሪዎች ከፍተኛውን ነጥብ ያገኙት እርስዎ ነዎት። ልዩነቱ የመጣው በኮምፒዩተር የተግባር ፈተናው ነው፤ በፒችትሪ የሚሠራው የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ በተሰጠው ሰዓት አላለቀም። መደቡ ይህን ሥራ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ለብቻ መሥራትን ይጠይቃል።

ለዚህ መደብ ተጠባባቂ አልያዝንም። ስለዚህ የእኛን ጥሪ ሳይጠብቁ ሌላ ሥራ መፈለግዎን እንዲቀጥሉ እንመክራለን። ወደፊት ማስታወቂያ ስናወጣ እንደ ማንኛውም አመልካች መወዳደር ይችላሉ፤ የአሁኑ ውጤት ቅድሚያ አያሰጥዎትም፣ እንቅፋትም አይሆንብዎትም።

ከሰላምታ ጋር»

ከሥር ሙሉ ስሟንና የሥራ ድርሻዋን በግልጽ እንድትጽፍ ነገርኳት። እንዲህ ያለውን ነገር የሚነግር ሰው ስም ሊኖረው ይገባል።

ከዚያ ሙከራችንን አደረግን። ሙከራው ቀላል ነው። ደብዳቤውን ስለ ጉዳዩ ለማያውቅ ሰው ታነቡለትና «ነገ ጠዋት ይህች ልጅ ምን ታደርጋለች?» ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ። «ትጠብቃለች» ካለ ደብዳቤው ውሸት ተስፋ አለበት። «ታለቅሳለች» ብቻ ካለ ደግሞ ገና ደረቅ ነው። እትዬ ጉዳዩን ቀድመው ሰምተው ስለነበር ለፈተናው አልሆኑም። ልብስ ልታደርስ የመጣችውን የእሳቸውን ልጅ ጠርተን አነበብንላት። ትንሽ አሰበችና «አይ፣ አልሆነላትም። ግን ጎበዝ ነች ማለት ነው። ያን ኮምፒዩተሩን ትለማመድና ሌላ ቦታ ትሞክር» አለች። የምንፈልገውም ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው፣ ምክንያት መንገር ሁልጊዜ አይቻልም። የዚህች ልጅ ምክንያት በነጥብ ሰንጠረዡ ላይ ያለና ልታሻሽለው የምትችለው ስለሆነ ተጻፈ። የጠያቂዎቹ ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ «ንቁ አልመሰለችንም» ዓይነት፣ እሱን መጻፍ ልጅቷን ከማቁሰል በቀር ምንም አይጠቅማትም። እንዲህ ሲሆን «ሌላ ተወዳዳሪ በጠቅላላ ድምር ከፍ ያለ ነጥብ አግኝተዋል» ብሎ ማቆም ይሻላል። ምክንያት ፈጥሮ መጻፍ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛው ለፈተና ሳይጠሩ ስለቀሩት 62 ሰዎች ነው። ለእነሱ ይህን የሚያህል ደብዳቤ አይጻፍም። ስላልተፈተኑም ስለ ችሎታቸው ማሞገስ ውሸት ይሆናል። ግን «የተመረጡትን ብቻ እናነጋግራለን» ብሎ ዝም ማለትም ሰውን በየቀኑ ስልኩን ያስቆጥረዋል። ሁለት መስመር የስልክ መልእክት ይበቃል፦ «ለሂሳብ ሠራተኛ መደብ ያቀረቡት ማመልከቻ ደርሶን አይተነዋል። ለፈተና ከተጠሩት ውስጥ አልተካተቱም፤ ምርጫውም አብቅቷል። ስላመለከቱ እናመሰግናለን።»

ማክሰኞ ዕለት የእህቴ ልጅ ከቢሮ ደወለች። አለቃዋ ደብዳቤውን ወዶት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ውጪ ብሏል። «የእኛን ጥሪ ሳይጠብቁ» የሚለውን። «ለሰው እንዲህ ይባላል? ክፉ ነው» አለ አለች።

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«የድሬዳዋውን ልጅ ታሪክ ነገርኩት» አለች። «ዝም ብሎ ቆየና፣ ተይው ይኑር አለ።»

ደብዳቤው ሐሙስ ወጥቷል። ልጅቷ ምን እንዳለች አላውቅም፤ ማወቅም የለብንም። ቢያንስ የጥበቃውን በር በየወሩ እንደማታንኳኳ ግን አውቃለሁ።